የመንገዱ፣ የውኃውና የቆሻሻው ኪስ

አዲስ አበባ ውስጥ በሰፈር ስብሰባ ላይ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ለኮብልስቶን ገንዘብ ካለ ለውኃ ለምን ይታጣል?» ጠያቂው የከተማውን ገንዘብ የሚያየው አንድ መሶብ ላይ እንደቀረበ እንጀራ ነው። ሦስቱ አገልግሎቶች ግን በአብዛኛው የሚከፈሉት ከተለያየ ኪስ ነው።

በእግሩ ለሚሄድ ሰው ቢል ስለማይመጣ መንገድ የሚሠራው ባብዛኛው ከግብር ነው። ገንዘቡ የከተማው ምክር ቤት በሚያጸድቀው የካፒታል በጀት ውስጥ ይያዛል፤ ለጥገናው ደግሞ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው የመንገድ ፈንድ ያግዛል። በጀት ሲደለደል ቅድሚያ የሚያገኙት የተጀመሩ ሥራዎች ናቸው። አዲስ ጥያቄ የሚደርሰው ከእነሱ የተረፈው ነው።

ውኃ የራሱ ገቢ አለው። በቆጣሪ የሚሰበሰበው ሒሳብ ለፓምፕ መብራት፣ ለማጣሪያ ኬሚካልና ለደመወዝ ይውላል። ጉድጓድ ማስቆፈርና ትልልቅ መስመር መዘርጋት ግን ከታሪፍ አቅም በላይ ስለሆነ የከተማው በጀትና ብድር ይገቡበታል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው የቆሻሻውን ኪስ ነው። የጽዳት ክፍያ ለዓመታት የተሰበሰበው ከውኃ ቢል ጋር፣ በፍጆታው ልክ ተሰልቶ ነው። አንድ ሰፈር 300 ቤቶች አሉት እንበል። እያንዳንዱ ቤት በወር 200 ብር የውኃ ሒሳብ ቢከፍልና የጽዳቱ ክፍያ የዚያ 20 በመቶ ቢሆን፣ ከሰፈሩ 12,000 ብር ይሰበሰባል። ውኃ በፈረቃ ሆኖ የውኃ ሒሳቡ በግማሽ ቢቀንስ የጽዳቱም ገንዘብ ወደ 6,000 ይወርዳል። ቆሻሻው ግን አልቀነሰም፤ ቤት ለቤት የሚሰበስቡት ማኅበራትም ሥራቸው ያው ነው። በዚህ ስሌት ጉድለቱን የሚሸፍነው መደበኛው በጀት ነው፤ ካልሸፈነ ገንዳው ሞልቶ ይፈሳል።

ኪሶቹ ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ጉዳቱን ሰፈሩ በዓይኑ ያያል። ኮብልስቶኑ ዘንድሮ ይነጠፋል፤ ቧንቧው ለከርሞ ይመጣና ድንጋዩ ተነቅሎ ይቆፈራል። የተነቀለው ተመልሶ ሲነጠፍ ሥሩ ያለው አፈር በደንብ ካልተጠቀጠቀ ክረምቱ ሲገባ ይሰምጣል። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ወጥቶ መንገዱ ግን አንድም አልሆነም።

ስለዚህ ኮሚቴው «መንገድ ይሠራልን» ከማለቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ በዚህ መስመር ሥር ቧንቧ ወይም ፍሳሽ ሊዘረጋ ታቅዷል? በየትኛው ዓመት? በጀቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ግን ከዚያ ወራት ቀድመው ነው። ሰኔ ላይ የገባ ማመልከቻ የሚያገኘው የተዘጋ ሒሳብ ነው። ጥያቄው በጥርና በየካቲት፣ ለመንገዱም ለውኃውም መሥሪያ ቤት በአንድ ደብዳቤ ቢቀርብ፣ ቧንቧው ከድንጋዩ የመቅደም ዕድሉ ይሰፋል።