ለወላጆች ግሩፕ የሚላክ መልእክት

አንዳንድ የክፍል ኃላፊ መምህራን ከወላጆች ጋር የሚገናኙት በቴሌግራም ግሩፕ ነው። «ውድ ወላጆች፣ ስብሰባ ስላለን በሰዓቱ እንድትገኙ» የሚል መልእክት ሲገባ ግን «መቼ? የት? ልጆችም ይመጣሉ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። መልሱም በ«እሺ» እና በ«እናመሰግናለን» ብዛት ተውጦ ይቀራል።

መፍትሔው ወላጁ የሚፈልገውን ሁሉ በአንድ መልእክት መጻፍ ነው፦

«የ3ኛ ሀ ወላጆች፦ ቅዳሜ ኅዳር 13 ከጠዋቱ 3 ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ አለ። ልጆች አይመጡም። መገኘት የማትችሉ እስከ ሐሙስ ማታ በውስጥ መስመር አሳውቁኝ።»

ዕለቱና ቀኑ አብረው የተጻፉት አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲያጋልጠው ነው። «ከጠዋቱ» የሚለው ደግሞ 3 ሰዓትን በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ አድርጎ የሚያነብ እንዳይኖር ይረዳል።

የቤት ሥራም እንዲሁ ነው፦ «ሒሳብ፣ ገጽ 42፣ ከጥያቄ 1 እስከ 5። በደብተር ይሠራ፤ ሰኞ ይታረማል።» ያልሠራ ልጅ ካለ ስሙ ግሩፕ ላይ አይጠራም፤ ጉዳዩ ለወላጁ ለብቻው ይነገራል።

ቀን ሲለወጥ የቀድሞውን መልእክት ማስተካከል ብቻውን አይበቃም። ቴሌግራም ለተስተካከለ መልእክት አዲስ ማሳወቂያ ስለማይልክ ያነበበው ወላጅ ለውጡን ላያይ ይችላል። ስለዚህ «የቀን ለውጥ» ብላችሁ አዲስ መልእክት ላኩ፤ እሱኑም ፒን አድርጉት።