«ይቅር በለኝ» እና «አፉ በለኝ» በአንድ ምዕራፍ

ወሎ ውስጥ ሰው አጥፍቶ ሲጸጸት «አፉ በለኝ» ይላል። ቃሉ የመጣው «ዐፍው» ከሚለው ዓረብኛ ነው፤ ሥሩ መደምሰስን፣ ነፋስ የአሸዋ ላይ ዱካን እንደሚያጠፋው ማጥፋትን ያመለክታል። «ይቅር በለኝ» ደግሞ «ቀረ» ካለው ግሥ የወጣ ነው፤ ነገሩ እዚያው ይቅር፣ አይከተለኝ እንደ ማለት። በወሎ መንደር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሁለቱን ቃላት ሳይቸገር ሲቀያይራቸው ይሰማል። የማስተርስ ተማሪ ግን ሁለቱን እምነቶች በአንድ ምዕራፍ ላወዳድር ብሎ ሲቀመጥ ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ቀላል ከሚመስል ቃል ነው።

እንበል ተማሪዋ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንንና የሱኒ እስልምናን የይቅርታ ትምህርት ታወዳድራለች። ክርስቲያን ናት፤ ለማንም ላለማድላት ከልቧ ወስናለች። የመጀመሪያው ረቂቋ ሠላሳ ገጽ ነው፤ አሥራ አራቱ ስለ ተዋሕዶ፣ አሥሩ ስለ እስልምና፣ የቀሩት ስድስቱ «ንጽጽር» የሚል ርእስ አላቸው። አንድም የሚያስቀይም ቃል የለበትም። ነገር ግን ረቂቁን ያነበበ ሙስሊም ጓደኛዋ «እኛን በእናንተ ሜትር ለካሽን» ይላታል። እውነቱን ነው።

ሜትሩ የተደበቀው በትርጉሙ ውስጥ ነው። ተማሪዋ ምዕራፉን የከፈተችው ይቅርታን «ተበዳይ ቂሙን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ከልቡ ማውጣቱ» ብላ በመተርጎም ነበር። ይህ ትርጉም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ካለው የክፉው ባሪያ ምሳሌ ላይ የተቀዳ ነው። በዚህ ከተለካ፣ ቁርአን ለተበዳይ በበደሉ ልክ የመመለስ መብት መስጠቱ «ገና ያልደረሰ ይቅርታ» ሆኖ ይታያል። ትርጉሙን ብንገለብጠውና ይቅርታ ማለት «የተወሰደውን ሐቅ መልሶ መታረቅ» ነው ብንል ደግሞ ተራው የክርስትናው ይሆንና ፍትሕ የጎደለው ይመስላል። በሁለቱም አቅጣጫ ውጤቱ አንድ ገጽ እንኳ ሳይጻፍ ታውቋል ማለት ነው።

አሜሪካዊው የሃይማኖት ታሪክ ምሁር ጆናታን ዜድ ስሚዝ በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጉዳይ በምሳሌ አሳይቷል። የጥንቱን ክርስትና በዙሪያው ከነበሩት እምነቶች ጋር ያወዳደሩ ብዙ ምሁራን ሳይናገሩት የፕሮቴስታንትና የካቶሊክን ክርክር በጥንቱ ዓለም ላይ ጭነው እንደነበር ተከታትሎ ያወጣል። ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሁለት ነገር ሲወዳደር ሁልጊዜ ሦስተኛ ነገር አለ፣ እርሱም «በምን ረገድ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ከአንደኛው ወገን ወስዶ ሌላኛውን መልስ ማስገደድ ነው አድልዎ።

ስለዚህ ተማሪዋ ረቂቁን በእምነት መክፈሏን ትታ በጥያቄ መክፈል አለባት። «ይቅርታ» የሚለውን ትርጉም መጀመሪያ አትሰጥም፤ ትርጉሙ የምዕራፉ ውጤት እንጂ መነሻ አይሆንም። በምትኩ ቃላቱን አጠገብ ለአጠገብ ታስቀምጣለች። በቁርአን 64ኛው ምዕራፍ፣ አንቀጽ 14 ላይ መደምሰስን፣ ማለፍንና መሸፈንን የሚያመለክቱ ሦስት የተለያዩ ግሦች ተከታትለው ይመጣሉ። ሦስቱንም በደፈናው «ይቅርታ» ብሎ የተረጎመ ሰው የሚነጻጸረውን ነገር ራሱ ጥሎታል። በግእዙ የአቡነ ዘበሰማያት ጸሎት ያለው «ኀደገ»ም ቀጥተኛ ትርጉሙ «ተወ» ነው፤ በግሪኩ ማቴዎስ ደግሞ ነገሩ በዕዳ ቋንቋ ተነግሯል። ይህ የቃላት ክፍል ከሦስት ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የቃል ምርመራ የሚወድ ሰው ካላሰበበት ምዕራፉን በሙሉ ይውጠዋል።

ጥያቄዎቹ ሦስት ቢሆኑ ይበቃሉ። የመጀመሪያው፣ በዳይ ምን ማድረግ ይጠበቅበታል? ይህ ሁለቱም ወገኖች ራሳቸው የሚጠይቁት ነው። ሁለተኛው ከክርስትናው በኩል የሚመጣ ነው፤ ተበዳይ ይቅር ባይል እርሱ ራሱ ምን ይሆናል? ሦስተኛው ከእስልምናው በኩል ይመጣል፤ ያልተመለሰ የሰው ሐቅ የት ይደርሳል? እያንዳንዱ ወገን ለሌላው ቢያንስ አንድ የማይመች ጥያቄ ማቅረቡ ነው ሚዛኑ። የገጽ ቁጥር እኩል መሆኑ ብቻውን ሚዛን አይባልም።

የመጀመሪያው ጥያቄ በተግባር ምን እንደሚመስል እንይ። አንድ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት የጎረቤቱን በሬ ሰርቋል። ጎረቤቱ ሞቷል። ሰውየው አሁን ተጸጽቷል። በተዋሕዶ ትምህርት ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ይናዘዛል፤ ካህኑ ቀኖና ይሰጡታል፣ ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት ሊሆን ይችላል። የወሰደውንም እንዲመልስ ይነግሩታል፤ ለዚህ ዘኬዎስ በሉቃስ 19 አራት እጥፍ ልመልስ ማለቱ ይጠቀሳል። ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ስለሆነ የካህኑ ቦታ ከምሥጢሩ የማይነጠል ነው። በእስልምናው፣ በአገራችን ብዙ ተከታይ ያለውን የሻፊዒ መዝሀብ ሊቅ አን-ነወዊን ብንወስድ፣ በ1277 የሞቱት እኚህ ዓሊም ለተውባ ሦስት ሁኔታ ያስቀምጣሉ፤ ኃጢአቱን መተው፣ መጸጸት፣ ዳግመኛ ላለመመለስ መቁረጥ። ጉዳዩ የሰው ሐቅ ከሆነ አራተኛ ይጨመራል፤ ለባለቤቱ መመለስ። ባለቤቱ ከሞተ ወራሾቹ ይፈለጋሉ። በደሉን ለሌላ ሰው መናዘዝ ግን ከሁኔታዎቹ አንዱ አይደለም።

ተማሪዋ የመጀመሪያ ረቂቋ ላይ ይህን ስትጽፍ «እስልምና ኑዛዜ የሚሰማ ካህን የለውም» ብላ ነበር። «የለውም» የሚለው ቃል ያሳብቃል። አንድን እምነት በሌለው ነገር መግለጽ የሌላውን ቤት ዕቃ ይዞ እየዞሩ «ይህ ለምን የላችሁም?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ዓረፍተ ነገሩ «ተጸጻቹ በደሉን በቀጥታ ለአላህ ያቀርባል» ሲባል ልዩነቱ አይጠፋም፤ ግን በራሱ ቃል ይነገራል። በሌላኛው አቅጣጫም «ክርስትና ሐቅ የሚያስመልስ ሕግ የለውም» የሚል ሰው ፍትሐ ነገሥትን ገልጦ አያውቅም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ እውነተኛ ልዩነት ይወጣል፤ እዚህ ማለሳለስ አያስፈልግም። በማቴዎስ 6 ለሰው ይቅር ያላለ ሰው ለራሱም ይቅር አይባልም። በቁርአን 42ኛው ምዕራፍ፣ አንቀጽ 40 እና 41፣ በበደሉ ልክ የመለሰ ሰው አይወቀስም፤ ይቅር ብሎ ያስታረቀ ግን ምንዳው አላህ ዘንድ ነው። አንደኛው ይቅር አለማለትን በፈጣሪ ፊት የሚያስጠይቅ አድርጎታል፤ ሌላው መብትን ጠብቆ ከመብቱ በላይ ከፍ ያለ ደረጃ አስቀምጧል። ተማሪዋ እዚህ ላይ ሉቃስ 17ን ካልጨመረች ግን ሥዕሉ ጎደሎ ይሆናል፤ እዚያ ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፣ ቢጸጸት ይቅር በለው የሚል ሐሳብ አለ። በሦስተኛው ጥያቄም እንዲሁ፣ በሐዲስ ሰዎችን የበደለ ሰው በፍርድ ቀን በጎ ሥራው ለተበዳዮቹ እየተከፈለ ባዶውን ይቀራል የሚለውን ስታስቀምጥ፣ በክርስትናው በኩል መሥዋዕቱን መሠዊያው ፊት ትቶ መጀመሪያ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ የታዘዘውን ሰው ከማቴዎስ 5 ማምጣት ይኖርባታል።

ምንጮቹ እርከናቸው እኩል መሆን አለበት። ወንጌል ከቁርአን፣ አንድምታ ከተፍሲር፣ ፍትሐ ነገሥት ከፊቅህ፣ የዛሬ ካህን ከዛሬ ኡስታዝ። ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ የአንዱ ወገን የወንጌል ምሳሌ ከሌላው ወገን የመንደር ደም መመላለስ ጋር ይቀመጣል። የስዊድኑ ጳጳስ ክሪስተር ስቴንዳል በ1985 ሰጡት ከሚባሉት ሦስት ምክሮች አንዱ ይህንኑ ይከለክላል፤ የራስህን ምርጥ ከሌላው የከፋ ጋር አታወዳድር ማለት ነው።

አማርኛ የራሱ ወጥመድም አለው። ተማሪዋ «ቅዱስ ጳውሎስ ያስተምራል» ስትል በሌላው ገጽ «መሐመድ ይላል» ብላለች። ሙስሊም አንባቢ ነቢዩን «አሉ፣ አስተማሩ» እያለ በአክብሮት ይጠራል፤ ክርስቲያን ኢየሱስን «አለ፣ አስተማረ» ይላል እንጂ አያቃልለውም። አንድ ደንብ ለሁለቱም መጫን አንዱን ያሳዝናል። የሚሻለው እያንዳንዱን ወገን በራሱ የአክብሮት አጠራር መጻፍና ይህን በግርጌ ማስታወሻ አንድ ጊዜ መናገር ነው። እግዚአብሔርና አላህ የሚሉት ስሞችም እንደየክፍላቸው ይቆዩ፤ ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ «ፈጣሪ» ያገለግላል። ግሦቹም ይመርመሩ። «ያስተምራል» በአንድ በኩል፣ «ይገምታል» ወይም «ይሞግታል» በሌላ በኩል ከሆነ ሚዛኑ አዘንብሏል።

ረቂቁ ሲያልቅ ልትሠራው የሚገባት ፈተና ቀላል ነው። የንጽጽሩን ገጾች ታትማ የሁለቱን እምነቶች ስም ታቀያይራለች፤ ተዋሕዶ ያለበት እስልምና፣ እስልምና ያለበት ተዋሕዶ። ትምህርቱ ስለሚለያይ ይዘቱ እርግጥ ስሕተት ይሆናል። ቃናው ግን ካልጎረበጣት ጥሩ ነው። «ይሁን እንጂ» የሚለው አያያዥ ሁልጊዜ ከአንዱ ወገን በኋላ ብቻ እንደሚመጣ የሚታየውም በዚህ ጊዜ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚቀርብም ታያለች፤ በየጥያቄው ተራውን ብትቀያይር ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቃል የሚይዝ ወገን አይኖርም።

የማይፈታ ነገር ይቀራል። ተማሪዋ ግእዝ ታነባለች፣ ዓረብኛ አታነብም፤ አንድምታውን ከምንጩ፣ ተፍሲሩን ከትርጉም ነው ያገኘችው። ይህን በአጻጻፍ ብልሃት መሸፈን አይቻልም። በምዕራፉ መግቢያ ላይ አንድ አንቀጽ ትሰጠዋለች፤ ክርስቲያን መሆኗን፣ የትኛውን ጽሑፍ በየትኛው ቋንቋ እንዳነበበች፣ የትኛው መደምደሚያ በትርጉም ላይ ብቻ እንደቆመ። መምህሯ በመመረቂያው ዕለት «ታዲያ የቱ ይሻላል?» ብለው ቢጠይቋት የምታሳየው ይህንን ገጽና ከጥያቄዎቹ የወጣውን ሠንጠረዥ ነው፤ «የሚሻል» የሚል ዓምድ የለውም።