ተኩላው ወይዘሮዋን ውጠው ተኙ

ወንድማማቾቹ ግሪሞች እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት የተረት መጽሐፍ ውስጥ ያለችውን ባለ ቀይ ቆቧን ልጅ ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ታመው ለተኙ አያቷ ኬክና ወይን ይዛ በጫካ ስትሄድ ተኩላው ቀድሟት ይደርሳል፤ አያቷን ይውጣቸዋል፤ ልብሳቸውን ለብሶ አልጋቸው ላይ ይተኛል። ከዚህ ተረት አንድ ድርጊት ሳይቀይሩ፣ አንድ ቀልድ ሳይጨምሩ ሰው ማሳቅ ይቻላል። ተራኪው ኮስተር ይላል፣ ሳቁም ከድምፀቱ ብቻ ይመጣል።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው በምንም ነገር የማይደነቅ ሰው አንደበት ነው። እኔ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊን እመርጣለሁ፤ ሁሉን በአንድ ዓይን አይቶ ይመዘግባል። በእሱ ብዕር ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«ተኩላው በሩን አንኳኩተው ገቡ። ወይዘሮዋን ውጠው፣ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ መጋረጃውን ስበው ተኙ።»

እዚህ ላይ አማርኛ ትልቅ ውለታ ይሠራል። «ዋጧቸው» ብለን አራት ነጥብ ብናስቀምጥ አንባቢው ይደነግጣል። «ውጠው» ብለን ስናልፍ ግን መዋጡ ቆብ ከመድፋትና መጋረጃ ከመሳብ እኩል የቤት ሥራ ይሆናል፤ ማሰሪያው አንቀጽ ደግሞ የመጣው ለእንቅልፉ ነው። አንቱታውም ያግዛል። ተኩላውን አንቱ ያልን እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አንቱ ማለት አለብን። መሐል ላይ አንዲት «በላ» ካመለጠች ጸሐፊው ጠፍቶ ቀልደኛው ብቅ ይላል።

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው ተራኪው መጠቃቀስ ሲጀምር ነው። «ጉደኛው ተኩላ» ብሎ ይጽፋል፣ ቃለ አጋኖ ይደረድራል፣ ወይም ተኩላው እጅ ላይ ሞባይል ያስይዛል። ያን ጊዜ የሚያስቀው ሞባይሉ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ያንኑ ታሪክ ለልጅ እንደሚነገር ተረት አድርጋችሁ ለሌላ ሰው ንገሩት። አሁንም በዚያው ቦታ ከሳቀ፣ ሳቁ የድርጊቱ እንጂ የድምፀቱ አልነበረም። ድምፀቱ ብቻውን ረጅም መንገድ አይሄድም፤ ከሁለት ገጽ በላይ ሲሆን ጆሮ ይለምደዋል።

መጨረሻው ላይ ጸሐፊው ይበልጥ ሊረጋጋ ይገባል፦

«አዳኙ ማንኮራፋቱ መብዛቱን ታዝበው ገቡ። የተኩላውን ሆድ በመቀስ ቀደው ሁለቱን አስወጡ። በምትካቸው ድንጋይ ገባ። ተኩላው ነቅተው ሊሮጡ ሲሞክሩ ወድቀው አረፉ። አዳኙ ቆዳቸውን ወሰዱ። ወይዘሮዋ ኬኩን በሉ።»

«ሞቱ» ሳይሆን «አረፉ» ያልኩት አንቱታው ስለሚያስገድድ ነው። ኬኩ ግን የእኔ ጭማሪ አይደለም፤ በግሪሞች መጽሐፍም አያትየዋ ከተኩላ ሆድ ወጥተው ኬኩን በልተው ወይኑን ጠጥተዋል።