የፈተና ክፍያን አሠሪ እንዲሸፍን የሚጠይቅ ደብዳቤ

የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ፈተና ክፍያን አሠሪው እንዲሸፍን የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲታይ የግል ማመልከቻ ይመስላል። በይዘቱ ግን የግዢ ጥያቄ ነው። ኃላፊው ሊወስን የሚችለው ድርጅቱ በሚያወጣው ገንዘብ ምን እንደሚያገኝ ከተነገረው ብቻ ነው። ሰርተፊኬቱ የሚሰጠው በሠራተኛው ስም ነው፤ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ደብዳቤው ከሰርተፊኬቱ ይልቅ ድርጅቱ ዛሬም እየከፈለ ያለውን አንድ ወጪ ማሳየት አለበት።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር ቅርንጫፎች ያሉት አንድ አከፋፋይ ድርጅት አለ እንበል። በድርጅቱ የኔትወርክ ቴክኒሻን የሆነች ሠራተኛ ሲሲኤንኤ የተባለውን የሲስኮ ኩባንያ ፈተና ለመውሰድ ትፈልጋለች። የፈተናው መለያ 200-301 ነው፤ 120 ደቂቃ ይፈጃል፤ ክፍያው 300 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ያለፈ ሰው የሚያገኘው ሰርተፊኬት ለ3 ዓመት ያገለግላል። የወር ደመወዟ 26,000 ብር ነው እንበል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከደብዳቤው ሳይሆን ከብልሽት መዝገቡ ነው። ቴክኒሻኗ ያለፉትን 12 ወራት መዝገብ ስታገላብጥ ድርጅቱ የውጭ ባለሙያ 11 ጊዜ መጥራቱን፣ ለእያንዳንዱ ጥሪም 12,000 ብር መክፈሉን ታገኛለች። በጠቅላላው 132,000 ብር ወጥቷል። ብዙ አመልካቾች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ድምሩን እንዳለ ወስደው «ይህ ሁሉ ይቀራል» ብለው ይጽፋሉ። መዝገቡ አንድ በአንድ ሲታይ ግን ከ11ዱ ጥሪዎች 3ቱ የተቃጠለ ዕቃ ለመቀየር፣ 2ቱ ደግሞ ችግሩ ከቴሌኮም መስመር የመጣ ነበር። እነዚህን 5 ጥሪዎች ምንም ዓይነት ፈተና አያስቀራቸውም።

የቀሩት 6 ጥሪዎች የአሠራር ቅንብር ስህተቶች ናቸው። ሦስቱ ስዊች ላይ የአንድ ክፍል ኮምፒውተሮች በማይገባቸው የኔትወርክ ክፍል ውስጥ በመመደባቸው፣ ሁለቱ በቅርንጫፎች መካከል የራውተሮች የመንገድ ምሪት በመሳሳቱ፣ አንዱ ደግሞ የአይፒ አድራሻ አዳዩ በመቆሙ የደረሱ ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ እነዚህን ስድስቱን ከፈተናው የይዘት ዝርዝር ጋር ማስተያየት ነው። ሲስኮ ዝርዝሩን ለሕዝብ ያወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የፈተናውን 20 በመቶ በሚይዘው የኔትወርክ መዳረሻ ክፍል፣ ሁለቱ 25 በመቶ በሚይዘው የአይፒ ግንኙነት ክፍል፣ የመጨረሻው 10 በመቶ በሚይዘው የአይፒ አገልግሎቶች ክፍል ውስጥ ይወድቃሉ። ይህች አጭር ንጽጽር ከየትኛውም የውዳሴ ቃል በላይ ትናገራለች፤ ፈተናው የሚመዝነውና ድርጅቱ ገንዘብ የሚከፍልበት እውቀት አንድ መሆናቸውን ታሳያለችና።

ከዚያ ወጪው ሳይደበቅ ይቆጠራል። የፈተናው ዋጋ በዶላር ስለሆነ በብር የሚደርሰው መጠን በክፍያው ዕለት ተመን ይወሰናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመን በገበያ ስለሚወሰን፣ ደብዳቤው የዶላሩን መጠን፣ ስሌቱ የተሠራበትን ተመንና ቀኑን አብሮ መጥቀስ ይኖርበታል። ለስሌት ያህል አንድ ዶላር 150 ብር ቢባል ፈተናው 45,000 ብር ይሆናል። ለመጨረሻ ዝግጅትና ለፈተናው 3 የሥራ ቀናት ቢያስፈልጉ፣ በወር 26 የሥራ ቀን ሲታሰብ ተጨማሪ 3,000 ብር ይመጣል። ጠቅላላ ወጪው 48,000 ብር ነው። የሥራ ቀናቱን ሳይቆጥሩ መቅረት አያዋጣም፤ የፋይናንስ ክፍሉ ራሱ ካገኛቸው የቀረው ስሌትም ይጠረጠራል።

ጥቅሙ በሁለት ደረጃ ቢቀርብ ይመረጣል። ስድስቱም ጥሪዎች በውስጥ ሠራተኛ ቢሠሩ በዓመት 72,000 ብር ይቀራል፤ 48,000 ብሩም በ8 ወር ይመለሳል። ግማሾቹ ብቻ ቢሠሩ 36,000 ብር ይቀራል፤ ወጪውም በ16 ወር ይመለሳል። ጥንቃቄ የተደረገበት ሁለተኛው ስሌት እንኳ ሰርተፊኬቱ ከሚያገለግልበት 36 ወር ግማሽ አይሞላም። ኃላፊው የመጀመሪያውን ቁጥር ባያምን ሁለተኛው በእጁ አለ።

የደብዳቤው ብርቱ ፈተና ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ «እውቀቱ ካስፈለገ ያለ ፈተና መማር አይቻልም ወይ?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ ራውተር የሚጠግነው እውቀት እንጂ ወረቀት አይደለም። መልሱ ያለው ድርጅቱ ለሠራተኛዋ በሚሰጠው ፈቃድ ላይ ነው። እስከ ዛሬ የዋናውን ራውተር ቅንብር እንድትነካ ያልተፈቀደላት ኃላፊው ችሎታዋን የሚለካበት መንገድ ስለሌለው ከሆነ፣ ከድርጅቱ ውጭ ያለ አካል የሚሰጠው ፈተና ያን መለኪያ ይሆነዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ፈተናውን ካለፈች በኋላ የትኞቹን ሥራዎች እንደምትረከብ በስም መጥራት አለበት። ፈቃዱ ካልተሰጣት ግን ሰርተፊኬት ይዛም የውጭ ባለሙያ መጠራቱ ይቀጥላል፤ የተሰላው ጥቅምም አይገኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ መውደቅ ነው። ሲስኮ የወደቀን ሰው ገንዘብ አይመልስም፤ በዚህ ደረጃ ያለን ፈተና ለመድገም 5 ቀን መጠበቅና ክፍያውን እንደገና መክፈል ያስፈልጋል። አንዳንድ ድርጅቶች ይህን ስጋት ለማስወገድ ሠራተኛው ራሱ ከፍሎ ሲያልፍ እንዲመለስለት ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ተቀጣሪ ዋናው ችግር ከብሩ ይልቅ ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ማግኘት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድርጅቱ የመጀመሪያውን ፈተና በቀጥታ እንዲከፍል፣ ከወደቀች የድጋሚውን ወጪ ሠራተኛዋ እንድትሸፍን ሐሳብ ማቅረብ ለሁለቱም ወገን የሚመች ነው። ደብዳቤው የዝግጅቷንም ማስረጃ ይጨምራል፤ ለምሳሌ ባለፉት ሳምንታት የሠራቻቸውን የልምምድ ፈተናዎች ውጤት።

ሦስተኛው ጥያቄ በግልጽ ባይነገርም ከሁሉ ይቀድማል፤ «ሰርተፊኬቱን ይዛ ብትሄድስ?» የሚለው ነው። ለዚህ የተለመደው መልስ የግዴታ ውል ነው። ቴክኒሻኗ ካለፈች በኋላ 12 ወር ለመሥራት፣ ቀድማ ከለቀቀች የቀሩትን ወራት ድርሻ ለመመለስ ትስማማለች። 45,000 ብር ለ12 ሲካፈል በወር 3,750 ብር ይደርሳል፤ በ8ኛው ወር መጨረሻ ብትለቅ የ4 ወሩን 15,000 ብር ትመልሳለች ማለት ነው። ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑ በውሉ ካልተጻፈ፣ በ11ኛው ወር የለቀቀ ሰው ሙሉውን ሊጠየቅ ይችላል። ከደመወዝ ተቀናሽ የሚደረግ ከሆነም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሰን አለው፤ በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ቅነሳ ቢሆንም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። 26,000 ብር ለሚከፈላት ሠራተኛ ይህ ወደ 8,666 ብር ገደማ ነው።

ይህ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ደብዳቤው ራሱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ስሌቱና የብልሽት ዝርዝሩ በአባሪ ይሄዳሉ። ደብዳቤው እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፦

«ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምሪያ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የሲሲኤንኤ ፈተና ክፍያ 300 የአሜሪካ ዶላር እንዲሸፈን ስለመጠየቅ

ባለፉት 12 ወራት መምሪያችን ለ11 የኔትወርክ ብልሽቶች የውጭ ባለሙያ ጠርቶ 132,000 ብር ከፍሏል። ከእነዚህ ውስጥ 6ቱ፣ ማለትም የ72,000 ብሩ ሥራ፣ የቅንብር ስህተቶች ሲሆኑ ይዘታቸው በሲሲኤንኤ ፈተና የሚሸፈን ነው። ፈተናውን ሳልፍ የስዊቾችንና የቅርንጫፍ ራውተሮችን ቅንብር የማስተካከል ሥራ በኃላፊነት እንድረከብ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የፈተናው ክፍያ በአባሪው በተጠቀሰው ቀን ተመን 45,000 ብር፣ የ3 የሥራ ቀናት ዋጋ 3,000 ብር፣ በድምሩ 48,000 ብር ነው። ከስድስቱ ሥራዎች ግማሹ ብቻ በውስጥ ቢሠራ ወጪው በ16 ወር ይመለሳል። ከወደቅሁ የድጋሚ ፈተናውን ወጪ በራሴ እሸፍናለሁ፤ ካለፍሁ በኋላም 12 ወር ለማገልገል ውል እፈርማለሁ።

ፈተናውን በሐምሌ ወር ለመውሰድ ስላቀድሁ እስከ ሰኔ 15 ውሳኔ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለይስሙላ የገባ አይደለም። የመንግሥትና የብዙ ድርጅቶች የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የሥልጠና በጀት ደግሞ ከዚያ በፊት ይደለደላል። በግንቦት የቀረበ ጥያቄ በአዲሱ በጀት ሊያዝ ይችላል፤ በነሐሴ የቀረበው «በጀት አልተያዘለትም» የሚል መልስ ሊያጋጥመው ይችላል። የርዕሱ መስመርም እንዲሁ ሥራ አለው። ደብዳቤው ከመምሪያው ኃላፊ ወደ ሰው ሀብት፣ ከዚያም ወደ ፋይናንስ እየተመራ ሲሄድ ቴክኒሻኗን የማያውቁ ሰዎች ያነቡታል። «ትብብር ስለመጠየቅ» የሚል ርዕስ ምንም አይነግራቸውም፤ መጠኑን የያዘው ርዕስ ግን ውስጡን ሳያነቡ እንኳ ጉዳዩን ያስታውቃቸዋል።

ኃላፊው «አይሆንም» ቢል እንኳ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። በጀት ካለቀ ጥያቄው ለሚቀጥለው ዓመት ይያዛል። ስሌቱ ካላሳመነ የብልሽት መዝገቡን የበለጠ ማጥራት ያስፈልጋል። የቅንብር ፈቃዱን ለመስጠት ካልተፈለገ ግን ደብዳቤውን ደጋግሞ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ድርጅቱ በራሱ ሠራተኛ ሊያሠራው ያልፈለገውን ሥራ ፈተናው አያስለውጠውም።