የቆመ ላሜራ፣ የሚሸሽ ክንፍ

በከፍተኛ ፍጥነት የሚፈተለክ ውሃ ብረት ሲመታ፣ ብረቱ ቆሞ ከጠበቀው ይበልጥ ይገፋዋል፤ ከሸሸው ግፊቱ ይቀንሳል። ይህን ያየ ሰው የቆመው ብረት ይሻላል ቢል አይፈረድበትም። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ግን የሚሸሸው ነው።

አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው አፈሙዝ ውሃ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ይወጣል እንበል። በየሰከንዱ የሚወጣው ወደ 40 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ፊት ለፊቱ በብሎን የታሰረ ወፍራም ላሜራ ብናቆም፣ ውሃው እዚያ ሲደርስ ወደፊት የነበረውን ፍጥነት በሙሉ ያጣና ወደ ጎን ይበተናል። ግፊቱን ለማወቅ በሰከንድ የሚደርሰውን ውሃ ባጣው ፍጥነት ማባዛት ነው፤ 40 በ20 ሲባዛ 800 ኒውተን ይሆናል። 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው ላሜራው ላይ ቢቆም የሚጫነው ያህል ማለት ነው። ላሜራው ግን አንዲት ጋት ስላልተንቀሳቀሰ የተሠራ ሥራ የለም። ውሃው ይዞት የመጣው 8,000 ዋት ሁሉ በጎን ፍንጥቅጣቂ ሆኖ ይባክናል።

አሁን ብሎኑን ፈትተን ላሜራውን በውሃው አቅጣጫ በሰከንድ 10 ሜትር እናስኪደው። ውሃው የሚደርስበት በ10 ሜትር ብልጫ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ላሜራው እየራቀ ሲሄድ በመካከል ያለው የውሃ ዘንግ ይረዝማል፤ ከአፈሙዙ ከወጣው 40 ኪሎ ውስጥ ግማሹ ያንን ክፍተት ሲሞላ ይቀራል፣ ላሜራው ላይ የሚደርሰው 20 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ግፊቱ 20 በ10፣ ማለትም 200 ኒውተን ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ቢያንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ወረደ።

እዚህ ላይ ነው ትልልቅ ሰዎች ጭምር የተሳሳቱት። ፈረንሳዊው አንቷን ፓራን በ1704 የውሃ መንኮራኩርን ያሰላው ልክ እንደዚህ ብቻውን እንደሚሸሽ ላሜራ ነበር፤ መንኮራኩሩ በውሃው ፍጥነት አንድ ሦስተኛ ሲሽከረከር የተሻለ እንደሚሠራ ደምድሞ፣ ከውሃው ኃይል ሊገኝ የሚችለውን 4/27 ብቻ አደረገው። እንግሊዛዊው ጆን ስሚተን በ1759 ይፋ ባደረጋቸው የሞዴል ሙከራዎች ከዚያ የበለጠ አገኘ። ምክንያቱን በ1767 የገለጸው ሌላው ፈረንሳዊ፣ ዣን ሻርል ቦርዳ ነው። መንኮራኩር አንድ ክንፍ ብቻ የለውም፤ አንዱ ሲሸሽ ተከታዩ መጥቶ የውሃውን ዘንግ ይቆርጠዋል፣ በመንገድ ላይ የነበረውም ውሃ የፊተኛው ክንፍ ላይ ይደርሳል። ሳይመታ የሚቀር ውሃ የለም። እንግዲህ በየሰከንዱ ሥራ ላይ የሚውለው ሙሉው 40 ኪሎ ስለሆነ፣ ግፊቱ 400 ኒውተን ይሆናል። በ10 ሜትር ፍጥነት ሲባዛ 4,000 ዋት፣ የውሃው ኃይል ግማሽ ማለት ነው።

ቀሪው ግማሽ የት ሄደ? ውሃው ጠፍጣፋውን ክንፍ መትቶ ወደ ጎን ሲበተን ይዞት ይሄዳል። ይህን ለመያዝ ክንፉ ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ ጎድጓዳ መሆን አለበት። በካሊፎርኒያ የወርቅ ማዕድን አካባቢ ይሠራ የነበረው ሌስተር ፔልተን በ1880 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መንኮራኩር ጎን ለጎን የተጣበቁ መንታ ጽዋዎች አሉት። ውሃው በመሀላቸው ያለውን ስለታም ጠርዝ ሲመታ ለሁለት ይከፈልና በጽዋዎቹ ውስጥ ዞሮ ወደመጣበት ይመለሳል። በ10 ሜትር ብልጫ የገባው ውሃ በ10 ሜትር ወደኋላ ሲወጣ ለውጡ 20 ሜትር ነው፤ ግፊቱ ወደ 800 ኒውተን ይመለሳል፣ ኃይሉም 8,000 ዋት ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር ውሃው ሙሉ በሙሉ ቢመለስ ተከታዩን ጽዋ ጀርባ ይመታል፤ ስለዚህ ወደ 165 ዲግሪ ብቻ እንዲዞር ይደረጋል። ሰበቃም የራሱን ይወስዳል።

ፍጥነቱ መመጣጠኑን የሚወጣው ውሃ ይናገራል። መንኮራኩሩ በልኩ ሲዞር ውሃው ፍጥነቱን ጨርሶ ከሞላ ጎደል ዝም ብሎ ይወድቃል። ወደ አፈሙዙ ተመልሶ የሚረጭ ከሆነ መንኮራኩሩ ዘግይቷል፤ ጽዋዎቹን ተከትሎ ወደፊት የሚወረወር ከሆነ ፈጥኗል።

በ2010 በአውሮፓ አቆጣጠር የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሁለት ጣቢያ የሚጠቀመው የፔልተን ተርባይኖችን ነው። ውሃው ወደ 26 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ተጉዞ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ከዚህ ከፍታ የሚወርድ ውሃ፣ ኪሳራው ካልተቆጠረ፣ ከአፈሙዝ የሚወጣው በሰከንድ ወደ 100 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። በእንዲህ ዓይነት ተርባይን የኤሌክትሪክ ጭነቱ በድንገት ቢቋረጥ መንኮራኩሩን የሚይዘው ስለማይኖር ወደ ውሃው ፍጥነት፣ ማለትም ወደ መደበኛው እጥፍ ገደማ ይገሰግሳል። አፈሙዙን ባንዴ መዝጋት ደግሞ በቱቦው ውስጥ የሚወርደውን ውሃ አስደንግጦ ቱቦውን ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ብረት በቅጽበት ገብቶ ውሃውን ከጽዋዎቹ ያስቀይሳል፤ አፈሙዙ ከዚያ በኋላ በቀስታ ይዘጋል።