መጠይቁ ሳይመለስ ሲቀር ለአማካሪ የሚጻፍ ደብዳቤ

ፕሮፖዛሉ የጸደቀለት ተማሪ መጠይቁን አባዝቶ ይበትናል፤ ሳምንታት አልፈው የሚመለሰው ወረቀት ግን ጥቂት ይሆናል። ያን ጊዜ ብዙዎች ለአማካሪያቸው የሚጽፉት «መላሽ ስላጣሁ በቃለ መጠይቅ ልቀይረው» የሚል አጭር መልእክት ነው። አማካሪው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሊወስን አይችልም። ስንት ወረቀት እንደቀረ እንጂ የነማን ወረቀት እንደቀረ አልተነገረውም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኝነት ነርሶችን ሥራ እስከ መልቀቅ ያደርስ እንደሆነ ልታጠና ተነሣች እንበል። ነርሶቹ 400 ናቸው። እኛ አገር በመመረቂያ ጽሑፎች በሚዘወተረው የያማኔ ቀመር፣ 5 በመቶ የስሕተት መጠን ተይዞ፣ ናሙናው 200 ሆነ። ከእነዚህ 120ዎቹ ሌሊት የሚያድሩ፣ 80ዎቹ በተመላላሽ ክፍል ቀን ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ደጋግማ ካስታወሰች በኋላ 46 ወረቀት ተመለሰላት፤ 39 ከቀን ሠራተኞች፣ 7 ብቻ ከሌሊት ተረኞች።

ከችግሩ መጠን ይልቅ እዚህ ላይ ዓይነቱ ይከፋል። የቀን ሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ መልሰዋል፤ ጥናቱ በዋናነት የሚመለከታቸው ግን ዝም ብለዋል። የመላሽ ብዛትም ብቻውን አያድንም። በ1936 እ.ኤ.አ. «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠየቂያ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ነበር። አልፍ ላንደን ያሸንፋል ብሎ ተነበየ፤ ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፉ። አድራሻዎቹ የተሰበሰቡት በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ የመለሱትና ያልመለሱት ሰዎችም አመለካከት አንድ አልነበረም።

ስለዚህ የተማሪዋ ደብዳቤ ዋና ክፍል እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የመረጃ መሰብሰቢያ ዘዴ ለውጥ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር አማካሪዬ፣ ከበተንኳቸው 200 መጠይቆች የተመለሱት 46 ናቸው። ከ120 የሌሊት ተረኞች የመለሱት 7 ብቻ ናቸው። በዚህ መረጃ ብተነትን የቀን ሠራተኞችን አስተያየት የሁሉም አስመስዬ አቀርባለሁ። ስለዚህ ጥናቱን በቃለ መጠይቅ እንድቀጥልና የጥናቱን ጥያቄም አብሬ እንዳስተካክል ፈቃድዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ጠንቃቃ አማካሪ ይህን አንብቦ ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ አለ፦ «ወረቀት ያልሞላ ሰው ፊት ለፊት እንዴት ይናገራል?» ደብዳቤው ሳይጠየቅ ሊመልሰው ይገባል፤ መልሱም ያለው ወረቀቱ በሄደበት መንገድ ላይ ነው። በእኛ ምሳሌ መጠይቁ የተበተነውም የተሰበሰበውም በየክፍሉ ኃላፊ በኩል ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሥራ ዘመንና የሥራ ክፍል ይጠይቃል። ስድስት ነርሶች ባሉበት ክፍል እነዚህ አራቱ ከታወቁ ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ ልትለቅ ያሰበችው ማን እንደሆነች ኃላፊው ይለያታል። ቃለ መጠይቁ ከሆስፒታሉ ውጭ፣ ነርሷ በምትመርጠው ሰዓት፣ ኃላፊው ማን እንደተመረጠ ሳያውቅ የሚካሄድ ከሆነ ያ ስጋት ይቀንሳል። ችግሩ ከአዳር በኋላ ያለ ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ቃለ መጠይቅ ከመጠይቁ ይልቅ ጊዜ ስለሚወስድ ባልረዳት ነበር።

ተማሪዎች አብዝተው የሚዘነጉት የጥናቱ ጥያቄ መለወጥ እንዳለበት ነው። «የሌሊት ተረኝነት ሥራ ከመልቀቅ ሐሳብ ጋር ምን ያህል ግንኙነት አለው?» የሚለውን ጥቂት ሰዎችን አነጋግሮ መመለስ አይቻልም። «የሌሊት ተረኛ ነርሶች ሥራ ለመልቀቅ ወደ ማሰብ የሚደርሱት እንዴት ነው?» የሚለውን ግን ይቻላል። መላ ምቶቹ ይወጣሉ፣ ርዕሱም ይስተካከላል። «ስንት በመቶ» የሚል ዓረፍተ ነገርም በድምዳሜው ውስጥ ቦታ አይኖረውም።

ስንት ሰው ይበቃል? በጋናና በናይጄሪያ ከሴቶች ጋር የተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆችን መርምረው በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጌስትና ባልደረቦቹ፣ አብዛኛው አሳብ በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ መውጣቱን አሳይተዋል። እነዚያ ሴቶች ተቀራራቢ ሁኔታ ውስጥ ያሉ ነበሩ። የድንገተኛ ክፍልና የአስተኝቶ ማከሚያ ነርስ ሌሊት ግን አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ከሁለቱም እየመረጠች 15 ያህል አቅዳ፣ አዲስ ነገር መስማት እስክታቆም እንደምትቀጥል ብትጽፍ ለአማካሪው አሳማኝ ይሆናል።

የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈቀደው መጠይቁን ነው፤ ድምፅ መቅዳትን አልፈቀደም። ስለዚህ አዲሱ የቃለ መጠይቅ መመሪያና የስምምነት ቅጽ ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ በአማካሪው በኩል ለኮሚቴው ይሄዳል፤ ፈቃዱ ሳይመጣ አንድም ነርስ አትጠየቅም። የተመለሱት 46 ወረቀቶችም አይጣሉም። በዘዴ ምዕራፉ ውስጥ ስንት እንደተበተነ፣ ስንት እንደተመለሰ፣ ከየትኛው ክፍል እንደመጣና ዘዴው ለምን እንደተለወጠ ይጻፋል።