የሰመጠው ልጅ፦ የጥፋት ውኃ በቁርኣንና በኦሪት ዘፍጥረት

ማዕበሉ እንደ ተራራ ከፍ ከፍ ብሏል። ኑሕ ከመርከቡ ላይ ሆኖ ርቆ ወደ ቆመው ልጁ ይጣራል። አብሯቸው እንዲሳፈር፣ ከከሓዲዎቹ ጋር እንዳይቀር ይለምነዋል። ልጁ ግን ተራራ ላይ ወጥቶ ከውኃው እንደሚተርፍ ይመልስለታል። አባት በዚያች ቀን አላህ ካዘነለት በቀር ማንም እንደማይድን ሊያስረዳው ሲጀምር ማዕበሉ መካከላቸው ገባ። ንግግሩ እዚያው ላይ ተቋረጠ፤ ልጁም ሰመጠ።

ይህ ትዕይንት የሚገኘው በቁርኣን 11ኛ ምዕራፍ በሱራ ሁድ፣ በአንቀጽ 42 እና 43 ነው። ኦሪት ዘፍጥረትን እየሰማ ላደገ ሰው እንግዳ ነው፤ በዘፍጥረት ከኖኅ ልጆች የሰመጠ የለምና። ሴም፣ ካምና ያፌት ከነሚስቶቻቸው ወደ መርከቡ ገብተው፣ ከአባትና ከእናታቸው ጋር ስምንት ነፍስ ሆነው ተርፈዋል። ክፋት ስለበዛ ውኃ መምጣቱ፣ በፈጣሪ ትእዛዝ መርከብ መሠራቱ፣ እንስሳቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው መግባታቸው፣ መርከቡም ተራራ ላይ ማረፉ በሁለቱም መጻሕፍት አለ። የሰመጠው ልጅ ግን ሁለቱ መጻሕፍት ታሪኩን የሚተርኩበት ምክንያት እንደሚለያይ ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል።

ዘፍጥረት ከምዕራፍ 6 እስከ 9 ሲተርክ መለኪያና ቀን መቁጠሪያ በእጁ ይዟል። መርከቡ 300 ክንድ ርዝመት፣ 50 ክንድ ስፋት፣ 30 ክንድ ከፍታ አለው፤ በዛሬው መለኪያ ርዝመቱ ወደ 135 ሜትር ይጠጋል። ሦስት ፎቅ አለው፤ ከውስጥም ከውጭም በቅጥራን ተለቅልቋል። ዝናቡ 40 ቀንና 40 ሌሊት ይወርዳል፤ ውኃው ለ150 ቀን ምድርን ይይዛል። ከዚያ ቁራው፣ ርግቧ፣ የወይራው ቅጠል፣ መሥዋዕቱና የቀስተ ደመናው ቃል ኪዳን ይከተላሉ። ምድር በውኃ ተሸፍና እንደገና ስትገለጥ ፍጥረት ሁለተኛ የተጀመረ ያህል ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ኖኅ አንድም ቃል ሲናገር አይሰማም። ይታዘዛል፣ ይሠራል፣ ይሠዋል፤ አይናገርም። በዘፍጥረት ንግግሩ የሚሰማው ውኃው ካለፈ በኋላ፣ በምዕራፍ 9 ቁጥር 25፣ የካምን ልጅ ከነዓንን ሲረግም ነው።

የቁርኣኑ ኑሕ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይናገራል። በስሙ የተጠራው 71ኛው ሱራ 28 አንቀጾች አሉት፤ አብዛኛው የእርሱ ንግግር ነው። ሕዝቡን ሌትና ቀን፣ በይፋም በምስጢርም መጥራቱን ለጌታው ይነግራል። እነርሱ ግን ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከተው፣ በልብሳቸው ተሸፍነው እምቢ ብለዋል። ስለ መርከቡ ርዝመት ምንም አልተነገረም፤ 54ኛው ሱራ ሳንቃና ሚስማር ማንሣቱ ይበቃዋል። የዝናቡም ቀናት አልተቆጠሩም።

አንድ ቁጥር ብቻ ሁለቱም ጋ አለ። በዘፍጥረት 950 ዓመት የኖኅ ሙሉ ዕድሜ ነው፤ ከውኃው በፊት 600፣ ከውኃው በኋላ 350 ዓመት ኖሯል። በቁርኣን 29ኛ ሱራ ደግሞ ውኃው ሳይመጣ ኑሕ በሕዝቡ መካከል የቆየበት ዘመን ነው። በአንደኛው የሕይወት፣ በሌላኛው የትዕግሥት ልክ ሆኗል።

ይህ ስብከት ለማን እንደተነገረ ማወቅ ታሪኩን ይበልጥ ያበራዋል። ሱራ ሁድ የወረደው በመካ፣ ነቢዩ ሙሐመድ ከገዛ ጎሣቸው ከቁረይሽ ተቃውሞ በገጠማቸው ዘመን ነው። በሱራው የኑሕ ሕዝብ መኳንንት የሚከተሉህ ተራ ሰዎች ብቻ ናቸው ብለው ይንቁታል፤ የመካ ባለጸጎችም በነቢዩ ላይ ይህንኑ ይሉ ነበር። አቡ ለሀብ የነቢዩ አጎት ሆኖ ሳለ ዋነኛ ጠላታቸው ነበር። በመካ ለመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከዘመድ ጋር በእምነት መለያየት የየቀኑ ኑሮ ነበርና፣ የኑሕና የልጁ ታሪክ በቀጥታ የሚነካቸው ነው።

ልጁ ከሰመጠ በኋላም ነገሩ አላበቃም። ኑሕ ጌታውን ይማጸናል፦ ልጄ እኮ ከቤተሰቤ ነው፣ የሰጠኸኝም ተስፋ እውነት ነው ይላል። መልሱ ከባድ ነው፤ ያ ልጅ ከቤተሰብህ አይደለም፣ ሥራው መልካም አይደለም ይባላል። ኑሕም የማያውቀውን በመጠየቁ ምሕረት ይለምናል። ወደ ኋላ ተመልሶ ላነበበ፣ ቤተሰቡን እንዲያሳፍር በታዘዘበት በአንቀጽ 40 ላይ ቃል ያለፈበት ሰው እንደማይድን አስቀድሞ ተነግሯል። አባት ያን ቃል ከልጁ ጋር ማያያዝ አልቻለም። በጽሑፉ ከዚህ ይበልጥ ሰውነት የሚሰማበት ቦታ ያለ አይመስልም።

ሚስቱም እንዲሁ ናት። በዘፍጥረት ስሟ ሳይጠራ ትድናለች። በ66ኛው ሱራ ግን ከሉጥ ሚስት ጋር ለከሓዲዎች ምሳሌ ሆና ቀርባለች፤ የነቢይ ሚስት መሆኗ አልጠቀማትም።

ዘፍጥረትም ቢሆን የኖኅን ቤት ያለ ነውር አልተወውም። ከውኃው በኋላ ኖኅ ወይን ተከለ፣ ሰከረ፣ በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን ተኛ፤ ካም የአባቱን ዕራቁትነት አየ፤ እርግማኑ ግን በልጁ በከነዓን ላይ ወረደ። ይህ ክፍል በቁርኣን የለም። ነቢያት ከእንዲህ ያለ ውድቀት የተጠበቁ ናቸው በሚለው የእስልምና ትምህርት ውስጥ ቦታ አያገኝም። ቁርኣን የሰመጠውን ልጅ ስም አይናገርም፤ አንዳንድ የእስልምና ተንታኞች ግን ከንዓን ይሉታል። ሌሎቹ ያም ይሉታል። በዘፍጥረት የተረገመው የልጅ ልጅ ስም በተንታኞቹ ዘንድ ለሰመጠው ልጅ ተሰጥቷል።

ከሁለቱ መጻሕፍት ውጭ ያሉ ወጎችም ይገናኛሉ። ሕዝቡ መርከብ ሠሪውን ሲያፌዝበት የሚታየው በቁርኣን ነው፣ በዘፍጥረት አይደለም፤ ሆኖም የአይሁድ መምህራን ትርጓሜ ይህንኑ ይተርካል። አዲስ ኪዳንም በሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት ኖኅን የጽድቅ ሰባኪ ይለዋል። ሰባኪው ኖኅ እንግዲህ በቁርኣን ብቻ የታወቀ አይደለም።

የተራራው ጉዳይም እንዲሁ ነው። ዘፍጥረት የሚለው የአራራት ተራሮች ነው፤ ዛሬ 5,137 ሜትር ከፍታ ያለውን አንድ ጫፍ አይጠቅስም። ቁርኣን ጁዲ ይላል፤ በዚህ ስም የሚታወቀው ተራራ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፣ ከጅዝሬ ከተማ አጠገብ ነው። የጥንቱ የሶርያ ክርስቲያኖች መጽሐፍ ቅዱስም በአራራት ፈንታ ቃርዱ ብሎ ወደዚያው አካባቢ ያመለክታል። በሙሉነቱ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ከአራራት ተራሮች አንዱን ሉባር ብሎ ይጠራና መርከቡን እዚያ ያሳርፈዋል።

ውኃው ዓለምን ሁሉ ሸፈነ ወይስ የኑሕን ሕዝብ ብቻ? የዘፍጥረት መልስ ግልጽ ነው፤ ረጃጅሞቹ ተራሮች ከ15 ክንድ ውኃ በታች ሆነዋል። በቁርኣን ላይ ግን የሙስሊም ሊቃውንት አንድ ቃል አይደሉም፤ ብዙዎቹ ለዓለም ሁሉ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ኑሕ ለተላከበት ሕዝብ ብቻ ነው ይላሉ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ የሚፈልግ ዘፍጥረትን ከምዕራፍ 6 እስከ 9፣ ሱራ ሁድን ደግሞ ከአንቀጽ 25 እስከ 49 ያንብብ። አንዱን በሌላው ለማረም ሳይቸኩል፣ መጀመሪያ እያንዳንዱን በራሱ ቃል እስከ መጨረሻው ይስማው።